ጉድለቱ ጠበበ ሲባል ምን ጠበበ?

ጥያቄ፦ «አካውንታንት ነኝ፤ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። የአገር የክፍያ ሚዛን ምንጊዜም ዜሮ ይመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ዜና ላይ ደግሞ የከረንት አካውንት ጉድለቱ ሰፋ፣ ጠበበ ይሉናል። ዜሮ ከሆነ ጉድለቱ የቱ ጋ ነው? ከጠበበስ መልካም ዜና ነው ማለት ነው?»

ምላሽ፦

አካውንታንት ከሆኑ የመንገዱን ግማሽ ሄደውታል። የክፍያ ሚዛን ማለት የአንድ አገር ነዋሪዎች በዓመት ውስጥ ከውጭው ዓለም ጋር ያደረጉት ግብይት ሁሉ በድርብ አመዘጋገብ የሚሰፍርበት መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ግብይት ዴቢት አለው፤ ክሬዲትም አለው። ድምሩ ዜሮ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ሊዘጋ የተቃረበ ድርጅትም ትራያል ባላንሱ እኩል እንደሚመጣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ጉድለት የሚባለው የሚመጣው በመዝገቡ መሃል መስመር አስምረን ከላይ ያለውን ብቻ ስንደምር ነው። ከላይ ያለው ከረንት አካውንት ይባላል። የዕቃ ሽያጭና ግዢ፣ አገልግሎት፣ ወለድና የትርፍ ድርሻ፣ ከውጭ ዘመድ የሚላክ ገንዘብና እርዳታ እዚህ ይገባሉ። ከታች ያለው ፋይናንሻል አካውንት ነው። ብድር፣ የውጭ ባለሀብት ይዞት የሚመጣው ኢንቨስትመንት፣ የንግድ ዱቤ፣ የባንኮችና የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ እዚያ ይሰፍራሉ። በመሃል ካፒታል አካውንት የሚባል አነስ ያለ ክፍል አለ፤ የዕዳ ስረዛና የመሳሰሉት የሚመዘገቡበት ነው፤ ለዛሬ እንለፈው። ከላይ 55 ከጎደለ ከታች የግድ 55 ይሞላል። የአገሪቱን ዕጣ የሚወስነው ያንን 55 ማን እንደሞላው፣ በምን ገንዘብ እንደሞላውና መቼ መልሱልኝ እንደሚል ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ የፈጠራ ናቸው፤ በሚሊዮን ዶላር ይቆጠሩ። አንዲት ቡና ሸጣ ነዳጅ የምትገዛ ትንሽ አገር አለች እንበል። በዓመቱ አምስት ነገር ብቻ ሆነ።

አንደኛ፣ 40 ቡና ሸጠች። ላኪው ገንዘቡን ሲቀበል ዶላሩ የገባው የአገሪቱ ባንክ ኒውዮርክ ባለው ሒሳብ ውስጥ ነው። ከመስመሩ በላይ 40 ተጨመረ። ከታች የባንኩ የውጭ ሀብት በ40 ስላደገ 40 ተቀነሰ። ይህ ምልክት ብዙ ሰው ያደናግራል። እዚህ መዝገብ ላይ የውጭ ሀብት መግዛት ልክ ዕቃ እንደመግዛት ነው የሚታየው፤ ተቀማጭ ዶላር ሲጨምር በተቀናሽ ይመዘገባል።

ሁለተኛ፣ 100 ነዳጅ ገዛች። ግን የገዛችው በዱቤ ነው፤ ክፍያው የሚፈጸመው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ከላይ 100 ተቀነሰ። ከታች ደግሞ 100 የንግድ ዱቤ ተጨመረ። አንድም ዶላር ከአገር አልወጣም።

ሦስተኛ፣ ዓረብ አገርና አሜሪካ ያሉ ልጆቿ 30 በባንክ ላኩ። ከላይ 30 ተጨመረ፤ ከታች የባንኩ ዶላር በ30 አደገ። አራተኛ፣ በውጭ ቦንድ ላይ 5 ወለድ ከፈለች። ይህም ከላይ የሚቀነስ ነው፤ የባንኩ ዶላር በ5 ቀነሰ። አምስተኛ፣ አንድ የውጭ ባለሀብት 20 የሚያወጣ ማሽን ይዞ ገባ። ማሽኑ ኢምፖርት ስለሆነ ከላይ 20 ተቀነሰ፤ ከታች ቀጥታ ኢንቨስትመንት ተብሎ 20 ተጨመረ። እዚህም ላይ ዶላር በእጅ አልተነካም።

አሁን ከላይ ያለውን ይደምሩ። 40 ሲቀነስ 100፣ ሲቀነስ 20፣ ሲደመር 30፣ ሲቀነስ 5። የከረንት አካውንት ጉድለቱ 55 ነው። ከታች ደግሞ 100 የነዳጅ ዱቤ፣ 20 ኢንቨስትመንት፣ ከዚያም የባንኩ ተቀማጭ በ65 ስላደገ 65 ይቀነሳል። ውጤቱ 55 ነው። መዝገቡ ተዘጋ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጉድለት ባለበት በዚህ ዓመት የባንኩ ዶላር በ65 አድጓል። በዚያች አገር ያለ አስመጪ ባንክ ቢሄድ ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለውጭ ሻጭ እከፍላለሁ ብሎ የሚሰጠው ሰነድ፣ ሳይቸገር ይከፈትለታል። ጋዜጣው «የውጭ ምንዛሪ ክምችታችን ጨመረ» ብሎ ይጽፋል። ውሸትም አልጻፈም። ነገር ግን 100 ዱቤ ከዓመት በኋላ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ዓመት መጣ። ቡናው 40፣ ከውጭ የሚላከው 30፣ ወለዱ 5፤ ሁሉም እንዳለ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነዳጅ አቅራቢው «ከአሁን በኋላ በዱቤ አልሸጥም፣ ያለፈውንም ክፈሉኝ» አለ። አዲስ ባለሀብትም አልመጣም። በባንክ ያለው 65፣ ሲደመር 40፣ ሲደመር 30፣ ሲቀነስ 5፤ በእጅ ያለው ዶላር 130 ነው። ከዚህ ላይ የአምናው ዕዳ 100 ይከፈላል። የሚተርፈው 30 ነው። አምና 100 ነዳጅ ያቃጠለች አገር ዘንድሮ የምትገዛው 30 ብቻ ነው ማለት ነው።

የዚህን ዓመት ከረንት አካውንት ይሥሩት። 40 ሲቀነስ 30፣ ሲደመር 30፣ ሲቀነስ 5። ትርፍ 35። አምና 55 ጉድለት የነበረባት አገር ዘንድሮ 35 ትርፍ አሳየች። ከታች ዕዳ ተከፍሎ 100 ወጣ፣ ተቀማጩ ስለተሟጠጠ 65 ተጨመረ፤ ይኼው ተቀናሽ 35፤ መዝገቡ አሁንም ዜሮ ነው። በዜናው ቋንቋ ከሆነ ሚዛኑ በ90 «ተሻሻለ»። ማደያው ጋ ያለው ሰልፍ ግን ቀበሌውን አልፏል፤ ፋብሪካው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚሠራው።

ዕዳው ሲከፈል በከረንት አካውንት ላይ ምንም እንዳልታየም ያስተውሉ። የዋና ዕዳ ክፍያ ከመስመሩ በታች ነው የሚሰፍረው። ከላይ የሚታየው ወለዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አገር በሚቀጥለው ዓመት ስንት ዶላር እንደሚያስፈልጋት ከዘንድሮው ጉድለት ብቻ ማወቅ አይቻልም። ጉድለቱ ላይ በዓመቱ የሚደርሰውን የዋና ዕዳ ክፍያ መደመር ያስፈልጋል። ጉድለቷ ከጠቅላላ ምርቷ 3 በመቶ ሆኖ የሚከፈል ዕዳዋ የተቆለለባት አገር፣ ጉድለቷ 7 በመቶ ሆኖ በቀጥታ ኢንቨስትመንት ከተሸፈነላት አገር ይልቅ ለአደጋ ቅርብ ናት።

ይህ የወረቀት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ታይላንድ ላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታይላንድ የከረንት አካውንት ጉድለት የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት 8 በመቶ ያህል ነበር። መንግሥት አባካኝ አልነበረም፤ በጀቱ ለዓመታት ትርፍ ሲያሳይ ቆይቷል። የተበደሩት የግል ኩባንያዎችና የፋይናንስ ድርጅቶች ነበሩ። በዶላር፣ በአጭር ጊዜ ተበድረው ባንኮክ ላይ ሕንፃ ሠሩ። የሕንፃው ኪራይ በአገሩ ገንዘብ በባት ነው የሚገባው። ዶላሩ ለዓመታት 25 ባት ገደማ ላይ ስለቆመ ማንም አልፈራም። አበዳሪዎቹ ማደስ ሲያቆሙ ማዕከላዊ ባንኩ ክምችቱን አፍስሶ ሞከረ፣ አልቻለም። ሐምሌ 2 ቀን 1997 ባት በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በጥር 1998 አንድ ዶላር ከ50 ባት በላይ ገባ። በ1998 የከረንት አካውንቱ ከጠቅላላ ምርቱ 12 በመቶ ያህል ትርፍ አሳየ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከተቀናሽ 8 ወደ ተደማሪ 12። በዚያው ዓመት ኢኮኖሚው ከ7 በመቶ በላይ ኮሰሰ። ትርፉ የመጣው በዋናነት ኢምፖርት በመውደቁ ነው።

እዚህ ላይ «ትንሽ ክፍት ኢኮኖሚ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ልበል። ትንሽ የሚባለው በሕዝብ ብዛት አይደለም። ኢትዮጵያ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ በዚህ መለኪያ ትንሽ ናት። የነዳጅ ዋጋ እኛ ብንገዛም ባንገዛም አይነቃነቅም። የቡናን ዋጋ ኒውዮርክ ይነግረናል። የብድር ወለድንም እንዲሁ። አሜሪካ በየዓመቱ ትልቅ ጉድለት አላት፤ ዕዳዋ ግን በራሷ ገንዘብ ነው። አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 2019 ገደማ ከሞላ ጎደል በየዓመቱ ጉድለት ነበረባት፤ አገር አልፈረሰም። አበዳሪዎቿ የአውስትራሊያ ዶላር ይዘው ለመቆየት ፈቃደኞች ናቸው፤ ገንዘቧ ሲወርድ ኪሳራውን እነሱም ይጋራሉ። ብር ይዞ ለአሥር ዓመት የሚቀመጥ የለንደን አበዳሪ ግን የለም። ስለዚህ ብር ሲወርድ ኪሳራው በሙሉ የተበዳሪው ነው።

በቁጥር ላሳይዎት። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለውጭ አበዳሪዎች በዶላር የሚሸጥ ዩሮቦንድ የሚባል የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር። በየስድስት ወሩ የሚከፈለው ወለድ፣ ኩፖን የሚባለው፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣ ነበር። ብር በባንክ 57 በነበረ ጊዜ ይህ 1.9 ቢሊዮን ብር ያህል ነው። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 በላይ ሆነ። በ125 ቢታሰብ ያው ኩፖን ከ4 ቢሊዮን ብር ያልፋል። በዶላር አንድ ሳንቲም አልተጨመረም፤ ግብሩ የሚሰበሰበው ግን በብር ነው።

ያ ኩፖን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት ምክንያቱ ዕዳ ለማሸጋሸግ እየተደራደርኩ ስለሆነ አበዳሪዎችን ሁሉ እኩል ለማስተናገድ ነው አለ። እርስዎ እንደ አካውንታንት የሚስብዎት አመዘጋገቡ ይመስለኛል። ወለድ በክፍያ ሚዛን የሚያዘው በአክሩዋል ነው። ተከፈለም አልተከፈለም ከላይ ይቀነሳል። ካልተከፈለ ከታች «ውዝፍ» ተብሎ ይጨመራል፤ ልዩ ፋይናንስ ከሚባሉት አንዱ ነው። በመዝገቡ ዓይን ዕዳን አለመክፈልም ጉድለት የሚሞላበት አንድ መንገድ ነው። መዝገቡ ዜሮ መምጣቱ ለምን እንደማያጽናና ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንምጣ፤ ጉድለት መጥበብ መልካም ዜና ነው ወይ?

ገበያው ነፃ በሆነበት አገር ኢምፖርት የሚወሰነው ሰው በሚፈልገውና በዋጋው ነው። ዶላር በወረፋ በሚታደልበት አገር ግን ነገሩ ተገልብጦ ይሠራል። ባንኩ ያገኘው ዶላር 30 ከሆነ የሚከፈተው ኤልሲም 30 ነው፤ ወረፋው ላይ 100 ቢኖርም። ያልተከፈተ ኤልሲ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት አገር የተመዘገበው ጉድለት የሚለካው ያገኘነውን ፋይናንስ ነው። ፋይናንሱ ከቀነሰ ጉድለቱ ይጠባል። እርስዎ በመሥሪያ ቤትዎ ወረፋው ውስጥ ስለነበሩ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ኮሚሽኑንም ጭምር።

የ2015 በጀት ዓመታችንን ይውሰዱ። በጥቅምት ወር መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ እንዳይከፈትላቸው ከለከለ። መኪና፣ ሽቶ፣ መጠጥ፣ የቤት ዕቃ፣ ብዙ ነገር። የዕቃ ኤክስፖርታችን ካለፈው ዓመት 4.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 3.6 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ኢምፖርቱም ከ18 ቢሊዮን አካባቢ ወደ 17 ቢሊዮን አካባቢ ዝቅ አለ። የከረንት አካውንት ጉድለቱ ከጠቅላላ ምርቱ አንጻር ሲታይ ግን ከ4 በመቶ አካባቢ ወደ 3 በመቶ አካባቢ ጠበበ። ኤክስፖርት የወደቀበት፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ የአንድ ወር ኢምፖርት እንኳ የማይሸፍንበት ጊዜ ነው፤ ያም ሆኖ አመልካቹ ተሻሻለ።

በዚህ በመቶኛ ውስጥ ሌላም ወጥመድ አለ። ጉድለቱ የሚካፈለው ለጠቅላላ ምርት ነው፤ ምርቱ ደግሞ በብር ተሰልቶ በባንክ ምንዛሪ ወደ ዶላር ይቀየራል። በዚያ ዓመት የዋጋ ንረቱ ወደ 30 በመቶ ነበር። በይፋዊው ተመን ብር የወረደው ግን በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። በብር የተቆጠረው ምርት በዋጋ ንረት አበጠ፤ በማይነቃነቅ ተመን ሲቀየር በዶላርም አበጠ። ለትልቅ ቁጥር የተካፈለ ጉድለት ትንሽ መስሎ ይታያል። ተመኑ ሲለቀቅ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ብር በእጥፍ ቢወርድና ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ 3 በመቶ የነበረው ጉድለት 6 በመቶ ሆኖ ያድራል። አንድም ኮንቴይነር ሳይጨመር። የውጭ ዕዳ ከምርት አንጻር ያለው ድርሻም በዚያው ልክ ይዘላል። ስለዚህ ተመኑ በግዳጅ በተያዘበት ዘመን በመቶኛውን ትቼ ዶላሩን ራሱን ከኤክስፖርት ገቢ ጋር ባወዳድር ይሻለኛል። የዕቃ ኤክስፖርት 3.6፣ ኢምፖርት 17፤ ይህ ቁጥር ለተመን ጨዋታ አይመችም።

በመካከሉ ያለውን 13 ቢሊዮን ማን ሞላው? አየር መንገዱ ለውጭ አገር መንገደኛ የሚሸጠው ትኬትና የሚያጓጉዘው ካርጎ የአገልግሎት ኤክስፖርት ነው፤ ትንሽ አይደለም። ከዚያ ሌላ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ዘመድ የሚልከው ገንዘብ አለ። እርዳታ አለ። ይህ ሁሉ ከመስመሩ በላይ ነው፤ ማንም መልሱልኝ አይለንም። የቀረውን ነው ብድርና ኢንቨስትመንት የሚሸፍኑት።

የዘመድ ገንዘብ ሲነሳ ግን መዝገቡ የሚቸገርበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። ሜሪላንድ ያለች እህት 1,000 ዶላር ለእናቷ በጥቁር ገበያ ላከች እንበል። ዶላሩን የሰጠችው እዚያው ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለው ባልደረባው ለእናትየው ብር አስረከበ። ዶላሩ አገር ቤት አልገባም። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን በሦስት መንገድ እንየው፤ መዝገቡ ላይ የሚተወው አሻራ በጣም ስለሚለያይ።

ዶላሩ በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው ከባንክ ምንዛሪ ሳይወስድ በራሱ ዶላር፣ ለሚገባ ዘይት ተከፈለ እንበል። ዘይቱ ጉምሩክ ላይ በሙሉ ዋጋው ይመዘገባል። ኢምፖርት 1,000 ከላይ ተቀነሰ። የእህትየው 1,000 ግን ባንክ ስላልነካ ማንም አላየውም። ጉድለቱ ከእውነቱ በ1,000 በልጦ ይታያል፤ መዝገቡም እኩል አይመጣም። ያን ጊዜ ስታቲስቲክሰኛው «ስህተትና ግድፈት» በሚባለው መስመር 1,000 ደምሮ ይዘጋዋል። አለበለዚያም ዕቃው ከየት በመጣ ዶላር እንደተገዛ ገምቶ ከውጭ የተላከ ገንዘብ ነው ብሎ ይመዘግባል።

በሌላው መንገድ ዶላሩ ዋጋው አንሶ ለተመዘገበ ስልክ ተከፈለ። 1,000 የሚያወጣው ዕቃ ጉምሩክ ላይ 300 ተባለ፤ ለ300ው ብቻ በባንክ ተከፈለ፤ 700ው ከጥቁር ገበያ መጣ። ይህ 700 በሁለቱም በኩል ከመዝገቡ ውጭ ነው። ጉድለቱ አይዛባም፤ ንግዱም፣ የተላከውም ገንዘብ ግን ከእውነቱ አንሰው ይታያሉ።

ሦስተኛው መንገድ ላይ ደግሞ ዶላሩ ዱባይ ላይ አፓርታማ ገዛ። የእህትየው ገንዘብ አልተመዘገበም፤ አፓርታማውም አልተመዘገበም። መዝገቡ ምንም ሳያዛንፍ ጸጥ ብሎ ይዘጋል። እውነተኛው ከረንት አካውንታችን ከሚታየው የተሻለ ነበር፤ እውነተኛው የካፒታል ሽሽት ደግሞ ከሚታየው የባሰ። ለዚህ ነው «ስህተትና ግድፈት» ትንሽ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን መተማመኛ የማይሆነው። ትልቅ ሆኖ ለዓመታት በአንድ አቅጣጫ ከቆየ ግን ይናገራል። ለዓመታት ተደማሪ ከሆነ ያልተመዘገበ ገቢ አለ፤ ለዓመታት ተቀናሽ ከሆነ ገንዘብ በጓሮ እየወጣ ነው።

እግረ መንገዴን፣ የጉምሩክን ቁጥርና የክፍያ ሚዛኑን ቁጥር አያምታቱ። ጉምሩክ ኢምፖርትን ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ ይመዘግባል። የክፍያ ሚዛን ደንብ ግን ዕቃውን ለብቻ፣ ማጓጓዣውን በአገልግሎት ሥር ለብቻ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ወደብ ለሌለው አገር ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዕቃውን የጫነው የአገር ውስጥ መርከብ ወይም አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ያ ማጓጓዣ ከውጭ የተገዛ አገልግሎት አይደለም።

ታዲያ ጉድለት መጥፎ ነው ወይ? በራሱ አይደለም። ከረንት አካውንት በሌላ ፊቱ ሲታይ የአገር ቁጠባ ሲቀነስ ኢንቨስትመንት ማለት ነው። ቁጠባዋ አነስተኛ የሆነ ደሃ አገር ግድብ፣ መንገድና ፋብሪካ ልሥራ ካለች የሌላውን አገር ቁጠባ መበደሯ አይቀርም። ያ ማለት ጉድለት ነው። ጥያቄው የተበደረችው ነገር በስንት ዓመቱ ዶላር ይወልዳል የሚለው ነው። በምሳሌያችን ውስጥ የ20ው ማሽን የሚያመርተው ወደ ውጭ የሚላክ ጨርቅ ከሆነ ዕዳውን ራሱ ይከፍላል። ማሽኑ ቢራ ጠምቆ አገር ውስጥ የሚሸጥ ከሆነ ግን ገቢው በብር ነው፤ ባለሀብቱ የትርፍ ድርሻውን የሚወስደው በዶላር ነው። ሁለቱም ሥራ ይፈጥራሉ፤ ሁለቱም ግብር ይከፍላሉ። በክፍያ ሚዛኑ ላይ ግን የወደፊት ፊታቸው ተቃራኒ ነው። 100ው ነዳጅ ደግሞ ተቃጥሎ አልቋል፤ የቀረው ዕዳው ብቻ ነው። የአበዳሪ ዓይነትም እንዲሁ ይለያያል። ፋብሪካ የተከለ ሰው ሲከፋው ፋብሪካውን ነቅሎ አይሄድም። የአንድ ዓመት ዱቤ የሰጠ ግን ዓመቱ ሲሞላ በሩ ላይ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ «ጉድለቱ ጠበበ» የሚል ዜና ሲያዩ የብሔራዊ ባንክን የሩብ ዓመት ሪፖርት ይክፈቱና መጀመሪያ የኢምፖርቱን ዝርዝር ይዩ። ኤክስፖርት አድጎ፣ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ወደ ባንክ ተመልሶ ጉድለቱ ከጠበበ ደስ ይበልዎት። ብር ከተለቀቀ በኋላ በባንክና በጥቁር ገበያ መሃል ያለው ልዩነት ሲጠብ በባንክ የሚገባው ገንዘብ ይጨምራል የሚባለው ለዚህ ነው። ግን እዚህም ይጠንቀቁ፤ ከጭማሪው የተወሰነው አዲስ ዶላር ሳይሆን ድሮም ይላክ የነበረና አሁን መታየት የጀመረ ነው። በአንጻሩ የወረደው የጥሬ ዕቃ፣ የመለዋወጫና የማሽን ኢምፖርት ከሆነ፣ ከታች ደግሞ ውዝፍ ዕዳ እየተከመረ ከሆነ፣ ያ ምሳሌያችን ውስጥ ያለው ሁለተኛው ዓመት ነው። የጥሬ ዕቃ ኢምፖርት ዛሬ ሲወርድ የፋብሪካ ምርት የሚወርደው ወዲያው አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ወራት ይወስዳል። የእናንተ ድርጅት ስቶክ ካርድ ከማንኛውም ሪፖርት ቀድሞ ይነግርዎታል።